በሐረጎ ቁልቁለት ላይ የተመሠረተ ጨዋታ፦ ለብቻ በሦስት ወር በነጻ መሣሪያ ስለሚሠራ የጨዋታ ሐሳብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ገጽ ያዘጋጀሁት ደሴ ውስጥ ቀን ሌላ ሥራ እየሠራሁ ማታ ማታ ኮድ የምጽፍ ሰው ሆኜ ነው። ጥያቄዎቹ ከሥራ ባልደረቦቼና ኮምፒውተር ከሚማሩ ወጣቶች በየጊዜው የሚቀርቡልኝ ናቸው። ብዙ የጨዋታ ሐሳቦችን ከመደርደር ይልቅ አንዱን ሐሳብ ከነቁጥሩ ማሳየትን መርጫለሁ፤ እርሱም የተጫነ መኪና በሐረጎ ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ፍሬኑን ሳያቃጥል የሚደርስበት ጨዋታ ነው።

በሦስት ወር የሚያልቅ ሐሳብ ከማያልቀው በምን ይለያል?

በመጀመሪያ ሦስት ወር ስንት ሰዓት እንደሆነ ማስላት ይገባል። ሥራ ያለው ሰው በሳምንት ስምንት ሰዓት ቢያገኝ፣ በ12 ሳምንት ውስጥ የሚኖረው 96 ሰዓት ነው። ይህ በመደበኛ ሥራ ቢቆጠር ከሁለት ሳምንት ተኩል የማይበልጥ ጊዜ ስለሆነ፣ ለብቻ የሚሠራ ሰው ሐሳቡን መምረጥ ያለበት «ሦስት ወር አለኝ» በማለት ሳይሆን «96 ሰዓት አለኝ» በማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተጫዋቹ የሚታገለው ቁጥር የትኛው ነው? መልሱ አንድ ቁጥር ከሆነ ሐሳቡ ሊያልቅ ይችላል። በዚህ ጨዋታ ቁጥሩ የፍሬን ሙቀት ነው። ፍጥነት፣ ማርሽ፣ ኩርባና ሰዓት ሁሉም አሉ፤ ነገር ግን ሁሉም የሚሠሩት ያንን አንድ ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ነው። መልሱ «ገንዘብም አለ፣ የሠራተኞች ስሜትም አለ፣ የጦር መሣሪያም ይሻሻላል» ከሆነ ግን፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር ሲጋጠም የሚፈጠረውን ጉዳይ ሁሉ ማመዛዘን ስለሚያስፈልግ፣ 96 ሰዓት ለማመዛዘኑ ብቻ እንኳ አይበቃም።

ለምን የሐረጎ ቁልቁለት?

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከሃያ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጭነቱን ጨምሮ አሥር ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 10,000 × 9.8 × 600፣ ማለትም ወደ 59 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ናፍጣ ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። ጉልበቱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ ሹፌሩ ማርሽ ይዞ ከወረደ አብዛኛውን ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ማርሹን ፍሪ አድርጎ በእግሩ ብቻ ከያዘ ግን የፍሬኑ ሸራ ይሸከመዋል። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ ሹፌሩ አብዝቶ ይረግጣል፤ አብዝቶ ሲረግጥም ሸራው ይበልጥ ይግላል።

ለጨዋታ ሠሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ራሱን የሚያባብስ ከመሆኑም በላይ ቅጣቱ የሚመጣው ስሕተቱ ከተሠራ በኋላ ዘግይቶ ነው። በዚህ አካባቢ ያለ ተጫዋች ደግሞ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለውን የሹፌሮች ምክር ሳይሰማ አላደገም፤ ስለዚህ የጨዋታውን ሕግ ለማስረዳት ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም።

ጨዋታው በትክክል ምን ይመስላል?

መኪናው ከጎን ይታያል፤ መንገዱ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ መስመር ነው። ተጫዋቹ ያሉት ሦስት አዝራሮች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ፍሬን፣ ማርሽ መጨመሪያና ማርሽ መቀነሻ ናቸው። ጨዋታው ሁልጊዜ ቁልቁል ስለሆነ የነዳጅ መስጫ የለም፤ የቆመ መኪና ፍሬኑ ሲለቀቅ በራሱ ይሄዳል። መሪም የለም። ኩርባው የሚታየው ቀድሞ በሚመጣ ምልክትና በፍጥነት ገደብ ሲሆን፣ ከገደቡ በላይ የገባ መኪና ከጭነቱ የተወሰኑ ከረጢቶችን ይጥላል። አንድ ደረጃ ሁለት ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ የመድረሻ ጊዜውም አራት ደቂቃ ነው።

መሪውን ማስቀረቴን ብዙዎች ይቃወማሉ። እኔም መጀመሪያ ከላይ የሚታይና የሚጠመዘዝ መኪና ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ዓይኑን መንገዱ ላይ ብቻ ተክሎ የፍሬኑን ሙቀት ጨርሶ ስለረሳው፣ የጨዋታው ዋና ቁጥር ጌጥ ሆኖ ቀረ።

የፍሬኑ ሙቀት በኮድ እንዴት ይሠራል?

የጨዋታው ልብ ከአሥር ብዙም በማይበልጡ መስመሮች ይጻፋል። ከታች ያለው ነጻ የጨዋታ መሥሪያ በሆነው በጎዶት የራሱ ቋንቋ የተጻፈ ነው።

```gdscript
const HOLD = [0.0, 0.18, 0.10, 0.05, 0.03]
var slope = 0.07
var speed = 11.1
var heat = 0.0
var gear = 4
var brake = 0.0

func _physics_process(delta):
    var grip = clampf(1.0 - (heat - 0.6) * 2.25, 0.1, 1.0)
    var foot = brake * 2.0 * grip
    var pull = 9.8 * slope - HOLD[gear] * speed - foot
    speed = maxf(0.0, speed + pull * delta)
    heat += (foot * speed * 0.004 - heat * 0.01) * delta
```

`HOLD` የሚለው ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ማርሽ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። የመጀመሪያው ዜሮ ፍሪ ነው፤ ቀጥለው ያሉት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ማርሽ ናቸው። ሞተር የሚይዘው ፍጥነቱ በጨመረ መጠን ስለሆነ ቁጥሩ በፍጥነት ይባዛል። ከዚህ የሚገኘው ጥሩ ውጤት፣ እያንዳንዱ ማርሽ ፍሬን ሳይነካ የሚረጋበት የራሱ ፍጥነት ያለው መሆኑ ነው። በሰባት በመቶ ቁልቁለት ላይ የስበቱ ግፊት 9.8 × 0.07፣ ማለትም 0.686 ነው። ይህን በሁለተኛ ማርሽ 0.10 ስናካፍለው በሰከንድ 6.9 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሦስተኛ 49፣ በአራተኛ 82 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ተጫዋቹ እነዚህን ቁጥሮች በጽሑፍ አያያቸውም፤ ሁለት ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ግን በጆሮውና በዓይኑ ያውቃቸዋል።

አሁን አንድ ተጫዋች በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 11.1 ሜትር፣ ለመውረድ ወሰነ እንበል። በአራተኛ ማርሽ ከሆነ ሞተሩ 0.333 ይይዝለታል፤ የቀረውን 0.353 በእግሩ መያዝ አለበት። ሙቀቱ በዚህ ሁኔታ ከ48 ሰከንድ በኋላ 0.6 ይደርሳል፤ ከዚያ ጀምሮ ፍሬኑ መላላት ይጀምራል፤ ወደ 95 ሰከንድ ገደማ ላይ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ታች ቢረገጥም መኪናው ከ40 በላይ ማለፍ ይጀምራል። ያው ተጫዋች በዚያው ፍጥነት በሦስተኛ ማርሽ ቢወርድ ሞተሩ 0.555 ስለሚይዝለት በእግሩ የሚይዘው 0.131 ብቻ ነው፤ ሙቀቱም ወደ 0.58 ተጠግቶ እዚያው ይረጋል። ከአደጋው መስመር በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። በፍሪ የሚወርደው ግን ያንን መስመር በ22 ሰከንድ ያልፈዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ያገኘሁት በዕድል አይደለም። በቅድሚያ «ሦስተኛ ማርሽ በ40 ለጥቂት ይትረፍ፣ አራተኛ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያስጠንቅቅ» ብዬ ወሰንኩ፤ ከዚያ 0.004 እና 0.01 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች እስኪስማሙ ድረስ በወረቀት ላይ አስተካከልኩ። መጀመሪያ ስሜቱን በቃል መወሰን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን መፈለግ ከተቃራኒው እጅግ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ተጫዋቹ ማርሽ እየቀነሰ ሁልጊዜ ሊያመልጥ አይችልም?

ይችላል፤ ጨዋታውን የሚገድለውም ይህ ቀዳዳ ነው። ፍሬኑ ሲላላ ወዲያው አንደኛ ማርሽ ማስገባት ከተፈቀደ ማንም ሰው አይጨነቅም። ስለዚህ በእውነተኛው መኪና እንደሚሆነው ሁሉ፣ ፍጥነቱ ከልክ ካለፈ ዝቅተኛው ማርሽ እምቢ ማለት አለበት። እኔ ሁለተኛ ማርሽ ከ29 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሦስተኛ ከ54 በላይ እንዳይገባ አድርጌ፣ ሲሞከር የማርሽ መፋጨት ድምፅ አሰማለሁ። በዚህ አንድ ሁኔታ ምክንያት ውሳኔው ከቁልቁለቱ መሃል ወደ ቁልቁለቱ አፋፍ ይሸጋገራል።

መውጫ ጨርሶ እንዳይጠፋም መኪናውን አቁሞ ማቀዝቀዝ ይቻላል። በኮዱ መሠረት ሙቀት ከ0.9 ወደ 0.6 ለመውረድ 40 ሰከንድ ይፈጃል። ሁለቱን ኪሎ ሜትር በሦስተኛ ማርሽ በ40 መውረድ ሦስት ደቂቃ፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሬን ሳይነኩ መውረድ ግን አምስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ጊዜ ይወስዳል። የመድረሻው ጊዜ አራት ደቂቃ የሆነው ለዚህ ነው፤ ፈሪው አይደርስም፣ ደፋሩም አንድ ጊዜ ቆሞ ማቀዝቀዝ ይፈቀድለታል፣ ሁለት ጊዜ ግን አይችልም።

ለምን በሦስት አቅጣጫ ሥዕል አልተሠራም?

የመኪናውን ቅርጽ፣ የተራራውን ገጽና ካሜራውን መሥራት ብቻውን 96ቱን ሰዓት ይጨርሳል። በእነዚህ ሁሉ መካከል የፍሬን ሙቀት የሚለው ሐሳብ አንድም ጊዜ ሳይፈተሽ ሊቀር ይችላል።

ሐሳቡ እንደማይሠራ መቼና በምን አውቃለሁ?

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በእጅዎ ሊኖር የሚገባው አንድ አራት ማዕዘን እንደ መኪና፣ አንድ መስመር እንደ መንገድ፣ አንድ ቀይ ዘንግ እንደ ሙቀት ብቻ ነው። ሥዕልም ድምፅም አያስፈልግም። ይህን ለሦስት ሰዎች ይስጡና ዝም ብለው ይመልከቱ፤ አያስረዱ። ሰውየው ከተሸነፈ በኋላ ሳይጠየቅ ድጋሚ ለመጀመር እጁን ከሰደደ ሐሳቡ ይሠራል። «ጥሩ ነው፣ ሥዕል ሲገባበት ያምራል» ብሎ ስልኩን ከመለሰልዎ ግን አይሠራም፤ የሚያምረው ሥዕሉ እንጂ ጨዋታው አይደለምና። በዚህ ጊዜ የባከነው 16 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሌላ ሐሳብ ለመጀመር በቂ ጊዜ ይተርፋል።

በዚህ ደረጃ ላይ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ልንገርዎ። የሙቀቱን ስሌት ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር በሚሠራው `_process` ውስጥ አስገብቼ፣ ካለፈው ስሌት ወዲህ ባለፈው ጊዜ፣ ማለትም በ`delta`፣ ማባዛቱን ረስቼ ነበር። በእኔ ኮምፒውተር ላይ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲሰላ፣ በጓደኛዬ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ግን 30 ጊዜ ብቻ ይሰላ ስለነበር፣ የእርሱ ፍሬን የእኔን እጥፍ ጊዜ ይቆይ ነበር። እኔ «እጅግ ከባድ ነው» ስል እርሱ «ምንም አይከብድም» ይላል፤ ሁለታችንም ልክ ነበርን። ሁለት ሰዎች ስለ ክብደቱ በማይታረቅ ሁኔታ ከተለያዩ፣ ቁጥሮቹን ከመነካካትዎ በፊት ይህንን ይፈትሹ።

የትኞቹ ነጻ መሣሪያዎች ይበቃሉ?

ለጨዋታው ጎዶት፣ ለሥዕሉ ኢንክስኬፕ ወይም ክሪታ፣ ለድምፁ ኦዳሲቲ፣ ለኮዱ ታሪክ ጊት ይበቃሉ። ሁሉም ያለክፍያ የሚወርዱ ሲሆኑ፣ በጎዶት የተሠራ ጨዋታ ቢሸጥ እንኳ ለጎዶት የሚከፈል ድርሻ የለም። ፕሮጀክቱን ሲጀምሩ `Compatibility` የሚለውን የአሣሣል ዘዴ ይምረጡ፤ በአሮጌ ላፕቶፕና በርካሽ ስልክ ላይ የሚሠራው እርሱ ነው፣ በብራውዘር ለሚከፈት ጨዋታም የሚያገለግለው እርሱ ብቻ ነው።

አንድ የሚያዘናጋ ነገር አለ። ጎዶት ራሱ ትንሽ ፋይል ስለሆነ በሞባይል ዳታም ይወርዳል፤ የተጠናቀቀውን ጨዋታ ወደ ስልክ ወይም ወደ ብራውዘር ለማውጣት የሚያስፈልገው `Export Templates` ግን ወደ አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ለአንድሮይድ ደግሞ የጃቫና የአንድሮይድ መሣሪያዎች ይጨመራሉ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲያገኙ በመጀመሪያው ሳምንት ያውርዱት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ሰው ደግሞ በየምሽቱ መጨረሻ ሳይሆን የሚሠራ ነገር ባገኘ ቁጥር በጊት ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የአማርኛው ጽሑፍ በብራውዘር ላይ ባዶ ሳጥን የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጎዶት አብሮት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። በኮምፒውተርና በስልክ ላይ ሲሠራ የጎደለውን ፊደል ከመሣሪያው ፎንቶች ስለሚበደር ችግሩ አይታይም፤ በብራውዘር ውስጥ ግን መበደር ስለማይችል ሳጥን ያሳያል። መፍትሔው በነጻ ፈቃድ የሚገኝ ፎንት፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ፣ ወደ ፕሮጀክቱ አስገብቶ `Project Settings` ውስጥ `gui/theme/custom_font` በሚለው ላይ መምረጥ ነው። ይህንን በመጀመሪያው ሳምንት ማድረግ ይሻላል፤ ፎንት ሲቀየር የፊደሉ ቁመትና ስፋት ስለሚለወጥ የተደረደሩት አዝራሮች ሁሉ ይዛነፋሉ።

ገበጣ ብሠራስ?

ገበጣ ለብቻ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሰሌዳው በኮድ ውስጥ የቁጥሮች ዝርዝር ብቻ ስለሆነ በሁለት ምሽት ጠጠሮቹ መዞር ይጀምራሉ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሕጉ ከአገር አገር፣ እንዲያውም ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ አንዱን መርጦ በጽሑፍ ካላስቀመጡ እያንዳንዱ ፈታኝ «ተሳስተሃል» ይልዎታል። ከዚያም ባሻገር ኮምፒውተሩ ራሱ ተጋጣሚ ሆኖ እንዲጫወት፣ ያውም ሳይበረታና ሳይደክም፣ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ሰዎች በአንድ ስልክ ተራ በተራ እንዲጫወቱት ብቻ ከሠሩት ግን ከሐረጎው ጨዋታ ቀድሞ ያልቃል።

በኢንተርኔት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወተውን ዓይነት ግን አይጀምሩ። ሰርቨር በየወሩ ያስከፍላል፤ የኔትወርክ መዘግየትን ማስተካከልም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ሦስተኛው ወር በምን ያልቃል?

ማንም በማይቆጥራቸው ነገሮች ያልቃል። ስልክ ሲደወል ጨዋታው መቆሙ፣ የተሻለው ውጤት መቀመጡ፣ ድምፅ ማጥፊያው፣ አዝራሩ በትንሽ ስልክ ላይ በአውራ ጣት መነካቱ፣ መጀመሪያ የሚታየው ገጽ። እኔ ለእነዚህ 30 ሰዓት እመድባለሁ፤ ከዚህም ውስጥ ለድምፅ ብቻ አሥሩን እሰጣለሁ። የሞተሩ ድምፅ አንድ አጭር ቅጂ ሲሆን ቅጥነቱ በፍጥነትና በማርሽ ይለዋወጣል፤ ለዚህ `pitch_scale` የሚለውን ቁጥር መቀየር ይበቃል። ይህ ድምፅ ከገባ በኋላ የፍጥነት መለኪያውን ከስክሪኑ ላይ አወጣሁት፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ለማውጣትስ ክፍያ አለ?

የጨዋታ ማከፋፈያ ድረ ገጽ በሆነው itch.io ላይ ለመጫን አይከፈልም፤ በብራውዘር የሚከፈተውን ቅጂ እዚያ ማስቀመጥና ማስፈንጠሪያውን ብቻ መላክ ይቻላል። ጉግል ፕሌይ ግን ለምዝገባ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ያስከፍላል፤ ይህም ከነጻው ወሰን ውጭ ነው። ከዚህም ሌላ አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ጨዋታውን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲፈትኑት ማድረግ ስላለበት፣ ይህ ሁለት ሳምንት ከሦስቱ ወር ውስጥ መቆጠር ይኖርበታል። ጨዋታውን የሚልኩላቸው ሰዎች ቅርብ ከሆኑ የተገነባውን የአንድሮይድ ፋይል በቀጥታ በቴሌግራም መላክም ይቻላል።

እውነተኛ ሹፌሮች ሲጫወቱት ምን አሉ?

ኮምቦልቻ ላይ ጭነት በመጠበቅ ላይ የነበሩ ሁለት ሹፌሮች ሞክረውታል። አንዱ በመጀመሪያው ሙከራ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ሳይነካ ወረደና ጊዜው አለቀበት፤ «እኔ ደርሻለሁ፣ የዘገየው ሰዓቱ ነው» አለኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ዘግይቶ በሰላም የደረሰ ሰው «ተሸነፉ» የሚል ጽሑፍ እንዳይመጣበት አደረግሁ፤ ጭነቱ ሙሉ ከሆነ ደረጃው ያልፋል፣ የሚቀንሰው የማጓጓዣ ሒሳቡ ብቻ ነው። ሁለተኛው ያነሣው ግን እስካሁን ያልጨረስኩት ነው። ሸራ ሲግል ከዘንግ ቀድሞ የሚያስታውቀው ሽታው ነው አለኝ፤ ሽታን በስልክ ማሳየት ስለማይቻል አሁን ከኋላ ጎማ የሚወጣ ስስ ጭስ 0.5 ላይ እንዲጀምር እያደረግሁ ነው።